"ከዛሬ ጀምሮ ውልሽ ተቋርጧል" ብለው ደብዳቤ ሰጡኝ፣ የማስጠንቀቂያው ብር እንዴት ነው የሚሰላው? (ጎንደር)

ሰላም_ከማራኪ
ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚሁ ጎንደር አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ከሰኔ 10 ቀን 2008 ጀምሮ ስሰራ ነበር፣ ቋሚ ነኝ፣ ላለፉት ሶስት አመታት ደግሞ የፈረቃ ኃላፊ ነበርኩ። ግንቦት 18 2017 ጠዋት ስገባ ኤችአር ጠርቶኝ ደብዳቤ ሰጠኝ፣ "እንግዳ በመቀነሱ ምክንያት የስራ መደቡ ስለተሰረዘ ከዛሬ ጀምሮ የስራ ውልዎ ተቋርጧል" ይላል፣ በቃ ይሄው ነው፣ ቀድሞ የተነገረኝ ነገር የለም፣ በዛው ቀን ቁልፍና ሲስተሙን አስረክቢ ተባልኩ።

መነሻ ደሞዜ 12,000 ነው። በዛ ላይ የኃላፊነት አበል 1,000፣ ትራንስፖርት 1,500፣ ሰርቪስ ቻርጅ ደግሞ እንደ ወሩ ነው ከፍ ዝቅ ይላል። አሁን ፋይናንስ ያዘጋጀልኝ ሂሳብ የግንቦት 18 ቀን ደሞዝ 7,200 እና የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ 12,000፣ ጠቅላላ 19,200 ነው ከግብር በፊት። ለምን አንድ ወር ስላቸው ውልሽ ላይ "ማንኛውም ወገን በ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ይችላል" ይላል፣ ፈርመሻል አሉኝ። እውነትም ይላል። ያልወሰድኩት 12 ቀን የአመት እረፍት አለኝ፣ እሱንስ ስል "ማስጠንቀቂያው ውስጥ ተካቷል" ነው መልሱ። ነገ ፈርሜ ልውሰድ ወይስ ልተወው? ቤት ኪራይ እየደረሰብኝ ስለሆነ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ቢነግረኝ።

የአዘዞው_ሹፌር
አይዞሽ እህቴ። እኔም ባለፈው አመት ከአንድ ኮንስትራክሽን ፕሮጀክት ላይ እንዲሁ ነው ያባረሩኝ፣ ውሌ የአስራ ሁለት ወር ነበር በስምንተኛው ወር ላይ በቃ መኪናዋን አስረክብ አሉኝ፣ እኔ የቀረውን የአራት ወር ደሞዝ ነው የጠየኩት፣ አንቺም የቀረሽን ጠይቂ ዝም እንዳትያቸው።

ፔይሮል_ሰራተኛ
የአዘዞው ወንድሜ ያንተ ሌላ ነው፣ ያንተ ጊዜው የተወሰነ ውል ነው። እሷ ቋሚ ናት የሚቀር ወር የላትም።

እህቴ ሂሳቡን እኔ ልንገርሽ በየወሩ የምሰራው ስራ ነው። ከአንድ አመት በላይ ስለሰራሽ ሁለት ወር ነው ማስጠንቀቂያሽ፣ አንድ ወር የሚባለው ከአመት በታች ለሰራ ነው። ስለዚህ 60 ቀን። የቀን ደሞዝሽ 12,000 ÷ 26 = 461.54 ነው፣ በወር የስራ ቀን 26 ስለሆነ። 461.54 × 60 = 27,692 ብር። ይሄን ጠይቂያቸው።

ጋሽ_ፀሐፊ
የፔይሮሉ ወንድማችን ሁለት ወር ማለቱ ልክ ነው፣ ስሌቱ ግን አይሆንም። 26 የስራ ቀን ነው፣ እሁዶቹን አውጥተህ ማለት ነው። 60 ደግሞ እሁዱም ያለበት የካሌንደር ቀን ነው። በስራ ቀን አካፍለህ በካሌንደር ቀን ስታበዛ ማንም ያልሰራውን ደሞዝ ትጨምራለህ፣ ሁለት ወር ሰርታ ቢሆን ኖሮ የሚከፈላት 24,000 ነው እንጂ 27,692 አይደለም። ወይ 12,000 ÷ 30 = 400 አርገህ በ60 አብዛ ወይ 461.54ን በ52 የስራ ቀን አብዛ፣ ሁለቱም 24,000 ነው የሚመጡት። ሁለቱ መንገድ እኩል ካልመጣልህ የሆነ ቦታ ቀን ተቀላቅሏል ማለት ነው።

የኔ ልጅ ሰላም፣ እኔ ብዙ አመት በሰራተኛ ማህበር ውስጥ አባላት ሲሰናበቱ ሂሳባቸውን ሳይ ቆይቻለሁ፣ ችሎትም አብሬ ተመላልሻለሁ። ያንቺን በየተራ እንየው።

መጀመሪያ ደብዳቤው። ምክንያቱ መደብ መሰረዝ ነው ብለዋል፣ ያንቺ ጥፋት ነው አላሉም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሰራተኛ በጥፋት ያለማስጠንቀቂያ የሚባረርባቸው ምክንያቶች አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 27 ላይ አሉ፣ በዛ ከሆነና እውነት ከሆነ የማስጠንቀቂያ ብር የሚባል የለም። መደብ መሰረዝ ግን አንቀጽ 28 ውስጥ ነው ያለው፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ብቻ ነው የሚሰናበቱት። እነሱ ማስጠንቀቂያውን ዘለው በዕለቱ አስወጡሽ፣ ስለዚህ ጊዜውን በብር ይከፍላሉ፣ አንቀጽ 44 የሚለው እሱን ነው።

ሁለተኛ የውሉ 30 ቀን። አንቀጽ 35 ላይ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ አመት ለሰራ አንድ ወር፣ ከአንድ አመት በላይ እስከ ዘጠኝ አመት ለሰራ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ አመት በላይ ለሰራ ሶስት ወር ይላል። ውል ከህግ የተሻለ መስጠት ይችላል፣ ያነሰ መስጠት ግን አይችልም። ሶስት ወር የሚል ውል ፈርመሽ ቢሆን ሶስት ወሩን ትጠይቂያቸው ነበር፣ አንድ ወር የሚለው ግን ህጉ ከሰጠሽ በታች ስለሆነ ፈርመሻል ብለው ሊይዙሽ አይችሉም። ሰራተኛው ራሱ ሲለቅ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ 30 ቀን ስለሆነ ብዙ ድርጅት ያቺኑ ቁጥር ገልብጦ ለሁለቱም ወገን ይፅፋታል፣ ከዛ ነው ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ የሚመጣው።

ሶስተኛ የአመት እረፍትሽ። ይሄ ማስጠንቀቂያ ውስጥ አይገባም። እረፍቱ ከዚህ በፊት ሰርተሽ ያገኘሽው ነው፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ስራ ፈልጊ ተብሎ የሚሰጥ ጊዜ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይበላም። ውሉ ሲቋረጥ ያልወሰድሽው እረፍት በገንዘብ ይከፈላል። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ 26 ቦታዋን የምታገኘው፣ እረፍት በስራ ቀን ስለሚቆጠር 461.54 × 12 = 5,538 ብር ከ48 ሳንቲም።

ስለዚህ 7,200 የሰራሽበት፣ 24,000 ማስጠንቀቂያ፣ 5,538 እረፍት፣ ሲደመር 36,738 ብር ነው ከግብር በፊት። እነሱ ካሉሽ 19,200 ጋር ልዩነቱ 17,538 ነው።

ፔይሮል_ሰራተኛ
እሺ ጋሼ የ52ቱን ተቀብያለሁ ልክ ነህ። ግን እኛ መስሪያ ቤት ለሁሉም ነገር በ26 ነው የምናካፍለው፣ የዕረፍትም የስንብትም። ኦዲተርም ምንም ብሎን አያውቅም።

ጋሽ_ፀሐፊ
በ26 ብታካፍሉ ችግር የለውም ወንድሜ፣ ከዛ በኋላ የምታበዙበት ቀን የስራ ቀን እስከሆነ ድረስ። ኦዲተር ዝም ያለው ለሰራተኛው የሚበልጥ ስለከፈላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ችሎት ላይ ግን በወር ደሞዝተኛ ላይ ዳኛው ቀጥታ የወር ደሞዙን በወሩ ብዛት ነው ሲያበዛ ያየሁት፣ ቀን ውስጥ እንኳ አይገባም።

ትዕግስት_ዘ_አራዳ
እኔ ጥያቄ አለኝ፣ እኔ ራሴ ነኝ ስራ የለቀኩት ሌላ ቦታ ቶሎ ጀምሪ ስላሉኝ በሶስት ቀን ውስጥ ወጣሁ፣ አሁን የመጨረሻ ደሞዜን ያዙብኝ ማስጠንቀቂያ አልሰጠሽም ብለው። እኔስ የሁለት ወር ይከፈለኛል ማለት ነው?

ጋሽ_ፀሐፊ
አይ እታለም ያንቺ ተቃራኒው ነው። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የለቀቀ ሰራተኛ እሱ ነው ለአሰሪው የሚክሰው፣ ግን ከ30 ቀን ደሞዝ አይበልጥም፣ እሱም ከሚቀርሽ ክፍያ ላይ ነው የሚታሰበው። ከዛ በላይ የያዙብሽ ካለ እሱን ጠይቂ። የለቀቅሽበት ምክንያት እነሱ ያደረሱብሽ በደል ከነበረ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፣ ሌላ ክር ክፈቺና እንነጋገርበት፣ እዚህ የሰላምን እንዳናደናግር።

ሰላም_ከማራኪ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ በጣም። አንድ ነገር ግን፣ የኃላፊነት አበሌና ትራንስፖርቱስ? በየወሩ ሳይቋረጥ ነው የሚከፈለኝ የነበረው ፔይሮል ላይም አለ። ሰርቪስ ቻርጁም ቢሆን አንዳንድ ወር ከ3,000 በላይ ይመጣል፣ ያንን ቆጥሬ ነው የምኖረው።

የህግ_ተማሪ_ማራኪ
ይሄኛውን እኔ ልሞክር። አንቀጽ 53 ደሞዝ ማለት ሰራተኛው ለሰራው ስራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ነው ብሎ ከዛ ደሞዝ የማይባሉትን ይዘረዝራል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ማለትም ሰርቪስ ቻርጅ፣ እነዚህ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሰርቪስ ቻርጅ ወጥቷል፣ ያሳዝናል ግን ግልፅ ነው። ትራንስፖርት አበልም እዛው ዝርዝር ውስጥ አለ ስለዚህ አይቆጠርም። የኃላፊነት አበልም አበል ስለሆነ አይቆጠርም።

ጋሽ_ፀሐፊ
ሰርቪስ ቻርጁ ላይ እስማማለሁ ወንድሜ። ሌላው ላይ ግን ፈጥነሃል። አንቀጹን ደግመህ አንብበው፣ የውሎ አበል የትራንስፖርት የዝውውር እያለ የሚዘረዝራቸው ሰራተኛው ለስራ ሲጓዝ ወይም መኖሪያውን ሲቀይር ከሚከፈሉት ጋር አያይዞ ነው። ሰላም ባህር ዳር ተልካ የተከፈላት ትራንስፖርት ቢሆን አልከራከርህም ነበር። በየወሩ እኩል የሚከፈል፣ ስራ ላይ ሳትመጣ ፈቃድ ላይ እንኳ ስትሆን የማይቆረጥ ትራንስፖርት ግን ስሙ አበል ይሁን እንጂ መደበኛ ክፍያ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። በሁለቱም በኩል ሲወሰን አይቻለሁ።

የኃላፊነቱ 1,000 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ በስም የለም። ለሰራችው ስራ፣ ለፈረቃ ኃላፊነቷ፣ በየወሩ የተከፈላት ነው። እኔ ብሆን እሱን አስገብቼ ነው የምጠይቀው፣ 13,000 × 2 = 26,000። ሰላም፣ ያለፉት ወራት የፔይሮል ወረቀትሽ ወይ የባንክ ስቴትመንትሽ ላይ ሳይቋረጥ መምጣቱ መታየት አለበት፣ ስለዚህ ስቴትመንቱን አሁኑኑ አውጪ። አቤቱታሽ ላይ በዋናነት 26,000 ትያለሽ፣ ይሄ ካልታመነበት ቢያንስ 24,000 ብለሽ በአማራጭ ታስቀምጫለሽ። ትራንስፖርቱን መጨመር ያንቺ ውሳኔ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ ተስፋሽን ግን እዛ ላይ አትጣይው።

የህግ_ተማሪ_ማራኪ
የትራንስፖርቱ ንባብ ላይ አሁንም አልስማማም ጋሼ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ቃሉ በግልፅ ተፅፏል፣ "በጉዞ ጊዜ" የሚለው የመጨረሻውን "ተመሳሳይ አበል" ብቻ ነው የሚገዛው ብዬ ነው የማነበው። የኃላፊነቱን ግን ተቀብያለሁ፣ እሱ እውነትም በስም የለም።

ዘጠኝ_አመት
ቆይ ማንም ያላየው ነገር አለ። ከሰኔ 10 2008 እስከ ግንቦት 18 2017 ስምንት አመት ከአስራ አንድ ወር ከስምንት ቀን ነው። የሁለት ወሩን ማስጠንቀቂያ በስርአቱ ሰጥተዋት ቢሆን ሐምሌ አጋማሽ ድረስ ትሰራ ነበር፣ ያኔ ዘጠኝ አመት አልፏት ነበር ማለት ነው። ማስጠንቀቂያ ባለመስጠታቸው ለምን ይጠቀማሉ? ሶስት ወር ነው የሚገባት። 36,000።

ጋሽ_ፀሐፊ
ጥሩ አይተሃል፣ ስሜቱም ይገባኛል፣ ሶስት ሳምንት ሲቀራት ማስወጣታቸው እኔንም አናዶኛል። ግን እኔ እንደማየው የአገልግሎት ዘመኑ የሚለካው ማስጠንቀቂያው መሰጠት ባለበት ቀን ላይ ነው። ግንቦት 18 ማስጠንቀቂያ ቢሰጧት ኖሮ በዛን ቀን ከዘጠኝ በታች ስለነበረች የሚሰጧት የሁለት ወር ነበር፣ በሂደት ዘጠኝን ብታልፍም የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ወደ ሶስት አያድግም። ስለዚህ ሁለት ነው ብዬ ነው የማምነው።

ዘጠኝ_አመት
እኔ ግን ዳኛ ፊት አንሺው ነው የምላት ሰላምን። መጠየቅ ምን ይጎዳል።

ሩት_ኤችአር
እኔ ራሴ ኤችአር ነኝ (የሰላም ድርጅት አይደለሁም)። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ሰላም ደብዳቤው ላይ የተፃፈውን ቀንና የተቀበልሽበትን ቀን አይተሻል? አንድ የማውቀው ቦታ አሰሪው ደብዳቤውን ከሁለት ወር በፊት ቀን ፅፎበት፣ ሰራተኛው ቀኑን ሳያይ ፈርሞ፣ በኋላ "ማስጠንቀቂያ ሰጥተነዋል" ብለው ምንም ሳይከፍሉት ቀርተዋል። የማስጠንቀቂያ ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ሰራተኛው እጅ ከደረሰ በኋላ ካለው የስራ ቀን ነው፣ ወረቀቱ ላይ ከተፃፈው ቀን አይደለም፣ ግን መቼ እንደደረሰሽ ማሳየት ያለብሽ አንቺ ትሆኛለሽ። ስለዚህ ስትፈርሚ ከፊርማሽ አጠገብ የተቀበልሽበትን ቀን በእጅሽ ፃፊ። ወረቀት አልቀበልም ማለት ደግሞ አያድንም፣ አልቀበልም ካልሽ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለአስር ተከታታይ ቀን ይለጥፉትና እንደተሰጠሽ ይቆጠራል።

ሁለተኛ ክሊራንስሽን ቶሎ ጨርሺ። ክፍያው ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የስራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ነገር ግን ሰራተኛው ያልመለሰው ንብረት ካለ አሰሪው ማዘግየት ይችላል። ዩኒፎርም፣ ቁልፍ፣ የሬዲዮ ሃንድሴት፣ የካሽ መሳቢያ ርክክብ፣ ሁሉንም በወረቀት አስፈርመሽ ኮፒ ያዢ። እኛ ጋ ሰው የሚዘገየው በአብዛኛው በዚህ ነው፣ አንድ ዩኒፎርም ቤት ረስቶ ሁለት ሳምንት ይመላለሳል።

ሰላም_ከማራኪ
ሩትዬ ቀኑ ልክ ነው ግንቦት 18 ይላል፣ እኔም ሰዓቱን ጭምር ፅፌ ነው የፈረምኩት፣ ሳላውቅ ነው ግን። ርክክቡን በዕለቱ ጨርሻለሁ ኮፒ ግን አልሰጡኝም ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ።

ፋይናንስ ነገ ፈርሚ የሚለኝ ወረቀት ላይ ደግሞ "ከድርጅቱ ጋር ምንም አይነት የክፍያ ጥያቄ የለኝም" የሚል አረፍተ ነገር አለ። ካልፈረምሽ 19,200ውንም አንሰጥሽም ብለዋል። እውነቱን ለመናገር ብሩ ያስፈልገኛል።

ጋሽ_ፀሐፊ
ያችን አረፍተ ነገር እንዳትፈርሚ የኔ ልጅ። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል፣ እሷ ግን ችሎት ላይ ብዙ ሰው ያስቀረች ናት።

ብሩን ለመያዝም መብት የላቸውም። በመጠኑ ክርክር ካለ አሰሪው እሱ ራሱ ያመነውን ያህል በዛው በሰባቱ የስራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፣ አንቀጽ 37 ነው። 19,200 ያመኑት ነው፣ የራሳቸው ሂሳብ ነው። ስለዚህ ነገ ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ሂጂና እንዲህ በያቸው፣ "ያመናችሁትን እቀበላለሁ፣ በቀረው ማስጠንቀቂያና በአመት እረፍቴ ላይ ጥያቄዬን እንደያዝኩ ነው።" ያንኑ ቃል ከፊርማሽ በላይ በእጅሽ ፃፊው። እምቢ ካሉ ደብዳቤ ፅፈሽ በሪከርድ ክፍል አስገቢና ኮፒው ላይ ማህተም አስመቺ፣ ክፍያ ጠይቃ ነበር የሚለው ማስረጃ እሱ ነው። ያለ ምክንያት ካዘገዩ ፍርድ ቤቱ በተጨማሪ እስከ ሶስት ወር ደሞዝ ሊያስከፍላቸው ይችላል፣ ይሄን ለኤችአራቸው በትህትና ማንሳት አንዳንዴ ነገሩን ያፋጥነዋል።

የአዘዞው_ሹፌር
ጋሼ የስራ ስንብት የሚባለውስ? ወደ ዘጠኝ አመት ሰርታ ዝም ብላ ልትወጣ ነው? እኔ የማውቀው ለመጀመሪያው አመት የ30 ቀን ከዛ በየአመቱ ሲሶ እየተጨመረ ነው።

ጋሽ_ፀሐፊ
ስሌቱ ልክ ነው ወንድሜ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም፣ በምን ምክንያት ወጣ የሚለው ነው የሚወስነው። የስራ መደቡን እውነት ሰርዘውት ከሆነ ጉዳዩ አንድ አይነት ነው፣ የሰረዙት በወረቀት ብቻ ሆኖ በሳምንቱ ሌላ ሰው እዛው ዴስክ ላይ ካስቀመጡ ግን መባረሩ ራሱ ህገወጥ ነው ማለት ይቻላል፣ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ስንብት ክፍያም፣ ስለ 180 ቀን ደሞዝ ካሳም፣ በዛ ላይ ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ብር ነው። ስለዚህ ሰላም፣ ቦታሽ ላይ ማን እንደተቀመጠ የስራ ጓደኞችሽን ጠይቂ። ወደ ስራ መመለስ የምትፈልጊ ከሆነ በሶስት ወር ውስጥ፣ ክፍያ ብቻ ከሆነ ከተቋረጠ በስድስት ወር ውስጥ መክሰስ አለብሽ፣ ካለፈ በይርጋ ይዘጋል። የዳኝነት አይከፈልም፣ ስለዚህ ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ።

ሰላም_ከማራኪ
እዛ ቦታ ላይ እስካሁን ማንም የለም፣ ማታ ማታ ካሸር ነው ደርቦ የሚሰራው ብለውኛል። ካሸሩ ደርቦ መስራቱስ መደቡ ተሰርዟል ይባላል?

የህግ_ተማሪ_ማራኪ
ስራው ካለና ሰው ብቻ ከቀነሱ አልተሰረዘም ብለሽ መከራከር የምትችዪ ይመስለኛል፣ እነሱ ደግሞ ስራው ለሌላ መደብ ስለተደረበ መደቡ የለም ይላሉ። ሌላ ክፍት ቦታ እያለ ወደሱ ማዛወር ይችሉ ነበር ወይ የሚለውም ይታያል። ሆቴሉ ውስጥ ክፍት ቦታ ነበረ?

ሰላም_ከማራኪ
ሀውስኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ማስታወቂያ በር ላይ ተለጥፏል፣ ገና አልተነሳም።

ሩት_ኤችአር
ዛሬውኑ ፎቶ አንሺው፣ ቀኑ እንዲታይ አድርገሽ።

ጋሽ_ፀሐፊ
አዎ ዛሬውኑ። ነገ ፋይናንስ ከመሄድሽ በፊት፣ ከሄድሽ በኋላ ላይኖር ይችላል።